የፋብሪካው ዋጋ በመዝገብ 108፣ በተግባር 82.6 ሚሊዮን፦ የኢምፔርመንት ስሌት ደረጃ በደረጃ

በሂሳብ መዝገብ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ቋሚ ንብረት አንድ ነገር ይናገራል፦ «በዚህ መጠን ያፈሰሳችሁትን ገንዘብ ከእኔ ታገኙታላችሁ»። ገንዘቡ የሚገኘው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ንብረቱን እያሠሩ ገቢ በመሰብሰብ፣ ወይም ሸጦ በመገላገል። ከሁለቱ የተሻለው መንገድ የሚያስገኘው መጠን ተመላሽ ዋጋ ይባላል። የመዝገብ ዋጋው፣ ማለትም የተገዛበት ዋጋ የእርጅና ቅናሹ ከተነሳለት በኋላ የቀረው፣ ከተመላሽ ዋጋው በላይ ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱ ኪሳራ ነው። ይህ ኪሳራ ኢምፔርመንት ሲሆን የሚመራውም አይኤኤስ 36 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ባንኮችና ሌሎች የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች አይኤፍአርኤስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ በሙሉ ይከተላሉ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ደረጃ የሚጠቀሙት ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ በክፍል 27 ያገኛሉ።

የእርጅና ቅናሽና ኢምፔርመንት አይምታቱ። የእርጅና ቅናሽ ወጪን በንብረቱ ዕድሜ ላይ የሚያከፋፍል የታቀደ አሠራር ነው፤ ንብረቱ ቢያተርፍም ባያተርፍም ይቀጥላል። ኢምፔርመንት ግን ዕቅዱ ራሱ እንዳልሠራ ሲታወቅ የሚመጣ ነው። ሸቀጥና ጥሬ ዕቃ፣ ደንበኞች ያልከፈሉት ብድርና ዕዳ በዚህ ሕግ አይለኩም፤ የራሳቸው ደረጃ አላቸው። እዚህ የምንሠራው ማሽን፣ ሕንፃ፣ ተሽከርካሪ፣ ሶፍትዌርና ጉድዊል የመሳሰሉትን ነው። ጉድዊል አንድ ሥራ ሲገዛ ከተጣራ ንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለው ገንዘብ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ ኩባንያ ከሁለት ዓመት በፊት የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሥራውን ከነንብረቱ ገዝቷል እንበል። ሰኔ 30 ላይ መዝገቡ የሚያሳየው ይህን ነው፦

| ንብረት | የመዝገብ ዋጋ (ሚሊዮን ብር) |
|---|---|
| የመሙያ መስመር (ማሽን) | 60 |
| ሕንፃና የውሃ ጉድጓድ | 30 |
| የማከፋፈያ ተሽከርካሪዎች | 10 |
| ጉድዊል | 8 |
| ድምር | 108 |

አንደኛ፦ ምልክት መኖሩን ማየት

ሙሉ ስሌት በየዓመቱ ለሁሉም ንብረት አይሠራም። በየዓመቱ የሚሠራው ምልክት መፈለግ ነው። ምልክት ከተገኘ ወደ ስሌቱ ይገባል፤ ካልተገኘ ፍለጋውን በጽሑፍ አስፍሮ ማቆም ይቻላል። ከዚህ ውጭ የሆኑት ጉድዊል፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያልተወሰነ ግዙፍነት የሌለው ንብረትና ገና ለሥራ ዝግጁ ያልሆነ ግዙፍነት የሌለው ንብረት ናቸው። እነዚህ ምልክት ኖረም አልኖረም በዓመት አንዴ ይፈተሻሉ። ምሳሌያችን ጉድዊል ስላለበት ፍተሻው ግዴታ ነው። በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደረጃ ግን ጉድዊል በየዓመቱ እየተቀነሰ ስለሚሄድ ፍተሻው የሚመጣው ምልክት ሲኖር ነው።

በውሃ ፋብሪካችን ምልክቱ ግልጽ ነው። ጠርሙሱ የሚነፋበት ፕሪፎርም የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ግብዓት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በ58 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚህ በኋላ የግብዓቱ ዋጋ በብር ሲንር የውሃው መሸጫ ዋጋ እኩል ካልተከተለው ትርፉ ይሳሳል። በዚህ ላይ መስመሩ ከአቅሙ ግማሽ ብቻ እየሠራና የዓመቱ የተጣራ የገንዘብ ፍሰት ከበጀቱ በታች ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሌሎች የሚታዩ ምልክቶች የወለድ መጠን መጨመር፣ ማሽን በአካል መጎዳቱ ወይም ቆሞ መቅረቱ፣ አንድን ምርት ለመተው መወሰኑና ንብረቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ሊሸጥ መሆኑ ናቸው። የገበያ ዋጋ ከተጠበቀው በላይ መውደቁም እንዲሁ።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ብር በተዳከመበት አገር ከብዙ ዓመት በፊት የተገዛ ማሽን በመዝገብ ላይ የሚታየው በአሮጌ ብር ነው። የመዝገብ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ በደካማ ሁኔታ ቢሠራም ፍተሻውን በቀላሉ ያልፋል። ጉዳት የሚደርስባቸው በቅርብ የተገዙት፣ እንደገና የተገመቱት ወይም ወደ አይኤፍአርኤስ ሲሸጋገሩ በአዲስ ግምት መዝገብ የገቡት ናቸው። ምልክት ፍለጋውን ከእነዚህ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለተኛ፦ የሚለካውን ክፍል መለየት

የመሙያ መስመሩ ብቻውን ገቢ አያመጣም። ያለ ጉድጓዱ፣ ያለ ሕንፃውና ያለ ተሽከርካሪዎቹ አንድ ካርቶን ውሃ ደንበኛ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ የማሽኑን ተመላሽ ዋጋ ለብቻው ማስላት አይቻልም፤ የሚለካው ገቢ አመንጪ ክፍሉ ነው። ይህም ከሌሎች ንብረቶች በአብዛኛው ነፃ የሆነ የገንዘብ ገቢ የሚያስገኝ ትንሹ የንብረቶች ስብስብ ነው። በምሳሌያችን መላው ፋብሪካ አንድ ክፍል ነው።

ክፍሉን አስፍቶ መያዝ ኪሳራ የሚደበቅበት ዋናው ቀዳዳ ነው። ኩባንያው ሌላ ቦታ የሚያተርፍ የጭማቂ ፋብሪካ ቢኖረውና ሁለቱን «የመጠጥ ዘርፍ» ብሎ ቢደምራቸው የጭማቂው ትርፍ የውሃውን ጉድለት ይሸፍነዋል። ሁለቱ ለየብቻ ሸጠው ለየብቻ ገንዘብ የሚሰበስቡ ከሆነ መደመር አይፈቀድም። አንዴ የተወሰነው ክፍልም ያለ በቂ ምክንያት ከዓመት ዓመት አይለዋወጥም።

ለብቻ የሚለካ ንብረትም አለ። አንድ አሮጌ የካርቶን ማሸጊያ ማሽን ተነቅሎ በመጋዘን ሽያጭ እየጠበቀ ከሆነ ከእንግዲህ ከሽያጩ በስተቀር የሚያመጣው ገንዘብ የለም። ተመላሽ ዋጋው ከሚሸጥበት የተጣራ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ከፋብሪካው ጋር አይደባለቅም።

ሦስተኛ፦ የመዝገብ ዋጋውን በትክክል መሰብሰብ

ደንቡ አንድ ነው፦ በገንዘብ ፍሰቱ ውስጥ የገባው በመዝገብ ዋጋውም ይገባል፤ ያልገባው በሁለቱም በኩል ይቀራል። እኛ በመጋዘን ያለ ሸቀጥንና የደንበኞች ዕዳን ከ108 ሚሊዮኑ አውጥተናል። ስለዚህ ከእነዚህ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ከትንበያው ውስጥም አናስገባም። የባንክ ብድርም አይቀነስም፤ የወለድና የብድር ክፍያ ከፍሰቱ ውጭ ነውና። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለፋብሪካው የሚያገለግል ሕንፃ ካለው ምክንያታዊ በሆነ መለኪያ ድርሻው ተሰልቶ ይጨመራል። ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሲረሳ ደግሞ የመዝገብ ዋጋው አንሶ ኪሳራው ያንሳል።

አራተኛ፦ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

የመጀመሪያው ልኬት ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ከመሸጫ ወጪ ሲቀነስ ነው። ገዢና ሻጭ ሳይገደዱ በሚስማሙበት ዋጋ እንጂ ባንክ በሐራጅ በሚያወጣው ዋጋ አይለካም። ለምሳሌያችን ገማቹ ለሙሉው ፋብሪካ 75 ሚሊዮን ብር ሰጥቷል እንበል። የደላላ፣ የሕግና የማስተላለፊያ ወጪ 2.5 ሚሊዮን ቢሆን የተጣራው 72.5 ሚሊዮን ነው። ለሠራተኞች የሚከፈል የስንብት ክፍያና ከሽያጩ በኋላ ሥራውን እንደገና የማደራጀት ወጪ የመሸጫ ወጪ ተብለው አይቀነሱም።

የገማቹን ሪፖርት ሲቀበሉ የሚጠየቀው ጥያቄ «አዲስ ቢገዛ ስንት ነው?» ብሎ ነው ወይስ «ዛሬ ባለበት ሁኔታ ማን ይገዛዋል?» ብሎ የገመተው የሚለው ነው። ብር ሲዳከም የአዲስ ማሽን ዋጋ በብር ያብጣል። ግማሽ አቅሙን ብቻ ለሚሠራ መስመር ግን ያንን ዋጋ የሚከፍል ገዢ አይኖርም። የመተኪያ ዋጋን የተከተለ ግምት የገበያ ድክመቱ ካልተቀነሰለት ተመላሽ ዋጋውን በውሸት ያሳድገዋል።

ይህ ልኬት ብቻውን ከመዝገብ ዋጋው በላይ ቢሆን ኖሮ ሥራው እዚህ ባበቃ ነበር። 72.5 ግን ከ108 ያንሳል፤ እንቀጥላለን።

አምስተኛ፦ እያሠሩ ቢይዙት ስንት ያስገኛል?

ሁለተኛው ልኬት የመጠቀም ዋጋ ነው። ንብረቱ ወደፊት የሚያመጣው የገንዘብ ፍሰት ዛሬ ባለው ዋጋ ይሰላል። ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚነሳውም እዚህ ነው።

ትንበያው የሚነሳው አመራሩ ካጸደቀው የቅርብ ጊዜ በጀት ሲሆን የተለየ ምክንያት ከሌለ ከአምስት ዓመት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው በተረጋጋ ወይም በሚቀንስ የዕድገት መጠን ይቀጥላል። የእኛ ዋና ንብረት የመሙያ መስመሩ ነው፤ የቀረው ዕድሜ አምስት ዓመት ስለሆነ ትንበያውም እዚያው ያበቃል፤ በመጨረሻው ዓመት ንብረቶቹ ሲሸጡ የሚገኘው የተጣራ ገንዘብ ይጨመርበታል።

ከፍሰቱ የሚወጡ ነገሮች አሉ። ወለድ አይገባም፤ የገቢ ግብርም አይገባም። ገና ያልተወሰነ ማሻሻያና ድርጅቱ ያልገባበት የመልሶ ማደራጀት ዕቅድም እንዲሁ። «በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ መስመር እንተክላለን፣ ሽያጩ እጥፍ ይሆናል» የሚል ሐሳብ በዚህ ስሌት ቦታ የለውም፤ የሚለካው ዛሬ ያለው ንብረት ዛሬ ባለበት ሁኔታ ነውና። በአንጻሩ መስመሩ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ጥገናና የመለዋወጫ ወጪ የግድ ይቀነሳል።

የቅናሽ መጣኔው፣ ማለትም የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚቀየርበት መቶኛ፣ ከግብር በፊት ያለ መጣኔ ሆኖ የጊዜን ዋጋና የንብረቱን ስጋት ያንጸባርቃል። እዚህ ላይ ድርጅቶች ዝም ብለው የራሳቸውን የብድር ወለድ ያስገባሉ። የባንክ ብድር ወለድ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዋስትና የተያዘ ብድር የሚሸከመው ስጋት ፋብሪካው ከሚሸከመው ያነሰ ስለሆነ ወደ ላይ መስተካከል አለበት። መጣኔው ድርጅቱ ንብረቱን በብድር ወይም በራሱ ገንዘብ በመግዛቱም አይለወጥም። እኛ 22 በመቶ ወስደናል፤ ይህ የምሳሌው ግምት እንጂ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር አይደለም።

ፍሰቱ በሚሊዮን ብር እንዲህ ይወጣል፦

| ዓመት | ፍሰት | ዛሬ ያለው ዋጋ በ22% |
|---|---|---|
| 1 | 19 | 15.57 |
| 2 | 22 | 14.78 |
| 3 | 25 | 13.77 |
| 4 | 27 | 12.19 |
| 5 | 31 + 40 ከንብረት ሽያጭ | 26.27 |
| ድምር | | 82.58 |

በኤክሴል ፍሰቶቹ ከB2 እስከ F2 ከተጻፉ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=NPV(22%,B2:F2)
```

ቀመሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚገኝ ይቆጥረዋል። ዛሬ የሚከፈል ወጪ B2 ላይ ከተጻፈ ሁሉም ፍሰት በአንድ ዓመት እንደዘገየ ይቆጠርና ውጤቱ ይዛባል።

በዚህ ደረጃ ትልቁ ስህተት የዋጋ ንረትን በአንድ በኩል ብቻ ማስገባት ነው። 22 በመቶው የዋጋ ንረትን ያካተተ ነው፤ ስለዚህ ፍሰቶቹም የወደፊቱን የውሃ፣ የፕሪፎርም፣ የደመወዝና የነዳጅ ዋጋ ንረቱ እንደሚያደርሳቸው ይዘው መጻፍ አለባቸው። ፍሰቱን በዛሬ ዋጋ አስቀምጦ ንረት ባለበት መጣኔ መቀነስ ኪሳራውን ያጋንነዋል። ሽያጩን ብቻ በንረት አሳድጎ ግብዓቱን በዛሬ ዋጋ መተው ደግሞ ኪሳራውን ያጠፋዋል፤ ኦዲተር በመጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው። ስጋትም እንዲሁ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም፦ ለፕሪፎርም እጥረት ፍሰቱ ቀድሞ ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ለዚያው እጥረት መጣኔው ዳግመኛ ከፍ አይልም።

ትንበያው እምነት የሚጣልበት መሆኑን ማወቂያው ያለፈውን መመልከት ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት በጀቶች ከተገኘው ውጤት አጠገብ ይቀመጡ። በየዓመቱ በጀቱ ከፍ ውጤቱ ዝቅ ሲል ከቆየ፣ ዘንድሮም «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይስተካከላል» የሚል ትንበያ ምክንያቱ ካልተብራራ አይያዝም። ከዚያ መጣኔውን ነካ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። በምሳሌያችን 22ቱ 25 በመቶ ቢሆን ድምሩ 76.4 ሚሊዮን ይሆናል፤ በሦስት ነጥብ ልዩነት ብቻ ኪሳራው በ6.2 ሚሊዮን ብር ያድጋል ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ማነጻጸርና ኪሳራውን ማከፋፈል

ከሽያጭ 72.5፣ ከመጠቀም 82.6። ምክንያታዊ ባለቤት የተሻለውን ይመርጣልና ተመላሽ ዋጋው ከሁለቱ ትልቁ፣ 82.6 ሚሊዮን ነው። ኪሳራው 108 ሲቀነስ 82.6፣ ማለትም 25.4 ሚሊዮን ብር። ትንሹን መውሰድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው።

ኪሳራው መጀመሪያ ጉድዊሉን ሙሉ በሙሉ ይበላል፤ 8 ሚሊዮኑ ይሰረዛል። የቀረው 17.4 ሚሊዮን ለሌሎቹ በመዝገብ ዋጋቸው ልክ ይከፋፈላል። 60፣ 30 እና 10 ከመቶው ድርሻቸው ስለሆነ በመጀመሪያው ዙር ማሽኑ 10.44፣ ሕንፃው 5.22፣ ተሽከርካሪዎቹ 1.74 ይደርሳቸዋል።

ነገር ግን ወለል አለ። ማንኛውም ንብረት ለብቻው ሊታወቅ ከሚችለው የተጣራ የሽያጭ ዋጋ፣ የመጠቀም ዋጋው ለብቻው ሊሰላ ከቻለም ከዚያ፣ በታች አይወርድም፤ ከዜሮም እንዲሁ። ሕንፃው ለብቻው ቢሸጥ በተጣራ 28 ሚሊዮን የሚያወጣ ከሆነ ከ30 ወደ 28 ብቻ ይወርዳል፤ የሚሸከመው 2 ሚሊዮን ነው። ያልተሸከመው 3.22 ሚሊዮን አይጠፋም፤ ወደ ማሽኑና ወደ ተሽከርካሪዎቹ 6 ለ1 ይሄዳል፣ 2.76 እና 0.46። ለሁለቱ በግል የታወቀ ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ እስከሌለ ድረስ የመጨረሻው ድልድል ይህ ነው፦

| ንብረት | በፊት | ኪሳራ | በኋላ |
|---|---|---|---|
| ጉድዊል | 8 | 8.0 | 0 |
| የመሙያ መስመር | 60 | 13.2 | 46.8 |
| ሕንፃና ጉድጓድ | 30 | 2.0 | 28.0 |
| ተሽከርካሪዎች | 10 | 2.2 | 7.8 |
| ድምር | 108 | 25.4 | 82.6 |

ይህን ሁለተኛ ዙር መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። ሕንፃው 24.78 ሚሊዮን ተብሎ ይመዘገብና በሚቀጥለው ዓመት 28 ሚሊዮን ሲሸጥ ያልነበረ ትርፍ ይታያል።

ሰባተኛ፦ ምዝገባው፣ ግብሩና ከዚያ በኋላ ያለው

የኢምፔርመንት ኪሳራ 25.4 ሚሊዮን በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ዴቢት ይደረጋል። ጉድዊል 8 ሚሊዮን ክሬዲት፤ ለማሽኑ፣ ለሕንፃውና ለተሽከርካሪዎቹ የተከማቸ ኢምፔርመንት ሂሳቦች 13.2፣ 2 እና 2.2 ሚሊዮን ክሬዲት። ለየብቻ የተከማቸ ሂሳብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከእርጅና ቅናሽ ጋር ከተደባለቀ ወደፊት ኪሳራው ሊመለስ የሚችልበትን ጣሪያ ማስላት ይከብዳል። ንብረቱ ቀደም ሲል በግምት ከፍ ተደርጎ በካፒታል ሥር መጠባበቂያ የተያዘለት ከሆነ ኪሳራው በመጀመሪያ ያንን መጠባበቂያ ይቀንሳል፤ ከዚያ የተረፈው ብቻ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይገባል።

የእርጅና ቅናሹም ከአዲሱ ዋጋ ይጀምራል። ማሽኑ በፊት በዓመት 12 ሚሊዮን ይቀነስለት ነበር፤ አሁን 46.8 ለ5 ሲካፈል 9.36 ሚሊዮን ነው። የቀረውን ዕድሜም አብሮ መመርመር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የጎዳው ነገር ዕድሜውንም አሳጥሮታል።

ግብር ሰብሳቢው ይህን ኪሳራ አይቀበልም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሚቀነሰው በግብር ሕጉ የተወሰነው የእርጅና ቅናሽ ስለሆነ 25.4 ሚሊዮኑ በግብር ማስታወቂያው ላይ ወደ ትርፍ ተመልሶ ይደመራል። በሦስቱ ቋሚ ንብረቶች ላይ ያለው 17.4 ሚሊዮን በ30 በመቶ የ5.22 ሚሊዮን ብር የዘገየ ግብር፣ ማለትም ወደፊት ከሚከፈለው ግብር የሚቀነስ መጠን፣ ይፈጥራል። ድርጅቱ የዘገየ የግብር ዕዳ ካለበት ከዚያ ይቀንሳል። ከሌለበት እንደ ንብረት የሚያዘው ወደፊት ግብር የሚከፈልበት ትርፍ እንደሚኖር ማሳየት ከቻለ ብቻ ነው፤ ከፋብሪካው ሌላ የገቢ ምንጭ ለሌለው ድርጅት ይህን ማሳየት ቀላል አይሆንም።

በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ለኪሳራው ምክንያት የሆነው ሁኔታ፣ ክፍሉ ምን እንደሆነ፣ መጠኑ፣ ተመላሽ ዋጋው በየትኛው ልኬት እንደተገኘና የተወሰደው መጣኔ ይገለጻሉ። የጉድዊል ፍተሻ ስላለ የትንበያው ዋና ዋና ግምቶችም ይጻፋሉ።

ሁኔታው ቢሻሻልስ?

ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው የአገር ውስጥ ፕሪፎርም አቅራቢ አግኝቶ ፍሰቱ በእርግጥ ከተሻሻለ ኪሳራው ሊመለስ ይችላል፤ ገደብ ግን አለው። ማሽኑ ያኔ በመዝገብ 28.08 ሚሊዮን ነው። ኢምፔርመንት ባይደረግበት ኖሮ በዓመት 12 እየተቀነሰለት 36 ሚሊዮን ላይ ይገኝ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ተመላሽ ዋጋ ምንም ያህል ቢያድግ ለማሽኑ የሚመለሰው ከ7.92 ሚሊዮን አያልፍም። ለሕንፃውና ለተሽከርካሪዎቹም ጣሪያው በዚሁ መንገድ ይሰላል። የጉድዊሉ 8 ሚሊዮን ግን በምንም ሁኔታ አይመለስም።

የመጠቀም ዋጋ ጊዜ በማለፉ ብቻ ሊጨምር እንደሚችልም ይታወቅ። ሩቅ የነበረው ፍሰት ሲቀርብ የሚቀነስለት ያንሳል፤ ስለዚህ ምንም ነገር ሳይሻሻል ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ጭማሪ ኪሳራ ለመመለስ ምክንያት አይሆንም። ለመመለስ በመጀመሪያው ስሌት የተወሰዱ ግምቶች መለወጥ አለባቸው፤ ለዚህም የመጀመሪያው ዓመት የኤክሴል ፋይል ከነግምቶቹ መቀመጥ ይኖርበታል።